ጉዳዩ ሳይሆን ቁጥሩ፦ የኢሜይል መልሶች የየራሳቸውን ውይይት እንዴት ያገኛሉ?



ባለፈው ዓመት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከእኛ ከምህንድስና ተማሪዎች አምስታችን ዳባት በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ለተግባር ልምምድ ለመመደብ በኢሜይል ስንጻጻፍ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ፈቀደ፣ የስም ዝርዝር ጠየቀ፣ እኛም ላክን። በማግስቱ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የሁለቱ ስምና የመታወቂያ ቁጥር የተሳሳተ መሆኑን አየንና የተስተካከለውን ደግመን ላክን። ሐሙስ ዕለት የምደባ ደብዳቤው ሲወጣ ሦስቱ ገቡ፣ ሁለቱ ቀሩ። ደውለን ስንጠይቅ ጉዳዩን የያዙት ሰው «እኔ እኮ የማውቀው አንድ ዝርዝር ብቻ ነው» አሉን። አልዋሹም። የተስተካከለው ዝርዝር ኢሜይላቸው ውስጥ ገብቷል፤ ነገር ግን ከእኛ ጋር ሲጻጻፉበት ከነበረው ውይይት ውስጥ አልነበረም። ከሌሎች በርካታ መልእክቶች ጋር ለብቻው ተቀምጦ ሳይከፈት ቀርቷል።

ጥፋቱ የእኛ ነበር። እርማቱን የላከው ወንድማችን ለመጨረሻው መልእክት መልስ በመስጠት ፋንታ አዲስ መልእክት ከፍቶ፣ ያንኑ ርዕስ በእጁ ጽፎ ነበር የላከው። «ርዕሱ አንድ እስከሆነ ድረስ ምን ልዩነት አለው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አከራከረን። መልሱን ፈልገን ያገኘነውን ነው ዛሬ የምናካፍላችሁ።

መዝገብ ቤቱ ይህን ችግር ቀድሞ ያውቀዋል

የኢሜይሉን አሠራር ለመረዳት ከኮምፒውተር ይልቅ ከመዝገብ ቤት መጀመር ይቀላል። ከደባርቅም ሆነ ከዳባት ከየትኛውም መሥሪያ ቤት የወጣ ደብዳቤ ይዛችሁ ተመልከቱ። ከላይ በቀኝ በኩል «ቁጥር» እና «ቀን» አለ። ከዚያ የተቀባዩ ስም ይመጣል፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦» ይላል፣ ከታች ደግሞ «ግልባጭ» አለ። ደብዳቤው መልስ ከሆነ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «በቁጥር ይህን ያህል፣ በቀን ይህን ያህል በጻፋችሁልን ደብዳቤ…» ይላል።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ገቢ ደብዳቤ ሲደርሳት ፋይሉን የምታወጣው በዚያ በተጠቀሰው ቁጥር ነው። በ«ጉዳዩ» ብትሄድ ኖሮ ሥራዋ በአንድ ሳምንት ይበላሽ ነበር፤ ምክንያቱም ከሚመጡት ደብዳቤዎች ግማሹ «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» የሚል ነው። በቀንም ብትሄድ አይሆንም፤ በአንድ ቀን አሥር ደብዳቤ ይገባል። ቁጥሩ ግን የአንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። የሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በአጋጣሚ ያንኑ ቁጥር እንዳይዝ ደግሞ ከቁጥሩ ፊት የመሥሪያ ቤቱ መለያ ፊደላት ይጻፋሉ። አንድ ደብዳቤ ለአምስት ቦታ በግልባጭ ቢላክ አምስቱም ጋ የሚደርሰው ያው አንድ ቁጥር ነው።

ኢሜይልም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ቁጥሩን የሚሰጠውም፣ መልስ ሲጻፍ የሚጠቅሰውም ፕሮግራሙ ራሱ መሆኑ ነው። እኛ ስለማናየው የሌለ ይመስለናል።

ሦስቱ መስመሮች

እያንዳንዱ ኢሜይል ከጽሑፉ በላይ ራስጌ አለው። ከላኪ፣ ከተቀባይ፣ ከቀንና ከርዕስ ሌላ በዚህ ራስጌ ውስጥ ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልጉ ሦስት መስመሮች ይገኛሉ። ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ከተጻጻፍነው አራተኛው መልእክት፣ አድራሻዎቹንና መለያዎቹን በምሳሌ ቀይረን፣ ይህን ይመስል ነበር፦

```
Message-ID: <t9@dabat.example>
In-Reply-To: <d2@debark.example>
References: <d1@debark.example>
 <t7@dabat.example>
 <d2@debark.example>
```

`Message-ID` የመልእክቱ የራሱ ቁጥር ነው። የሚሰጠው አንድ ጊዜ፣ መልእክቱ ሲላክ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ሰርቨር ቢያልፍ አይለወጥም። በ`@` ስለሚከፈል የኢሜይል አድራሻ ይመስላል እንጂ አድራሻ አይደለም፤ ወደ እሱ የሚላክ ነገር የለም። ከ`@` በስተቀኝ ያለው ቁጥሩን የሰጠው ኮምፒውተር ወይም ድርጅት መለያ ነው፤ ከመዝገብ ቤቱ መለያ ፊደላት ጋር አንድ ነው። በስተግራ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓትና ከዘፈቀደ ቁጥር ይሠራል። እኛ ለንባብ እንዲመች `d1`፣ `t7` እያልን አሳጠርነው እንጂ እውነተኛው ረጅምና ለሰው ትርጉም የሌለው ነው። ደባርቅ ያለ ኮምፒውተርና ዳባት ያለ ኮምፒውተር ሳይጠያየቁ የማይደገም ቁጥር መስጠት የሚችሉት በዚህ አሠራር ነው።

`In-Reply-To` «በቁጥር ይህን ያህል ለጻፋችሁልን» የሚለው ነው። መልስ የሚሰጥበትን የአንዱን መልእክት ቁጥር ይይዛል።

`References` ደግሞ መዝገብ ቤት የማታውቀው ጭማሪ ነው። የቀጥታውን ወላጅ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሮ ያለውን የዘር ሐረግ በቅደም ተከተል ይይዛል። የሚሠራበት ሕግ አጭር ነው፤ የወላጁን `References` እንዳለ ቅዳ፣ ከመጨረሻው ላይ የወላጁን `Message-ID` ጨምር። ለዚህ ነው ከላይ በምሳሌው የመጨረሻው ቁጥርና `In-Reply-To` አንድ የሆኑት።

እነዚህ ሦስቱም መስመሮች እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው አር ኤፍ ሲ 822 በተባለው የኢሜይል መመሪያ ውስጥ ነበሩ። ያኔ ግን `In-Reply-To` ላይ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ተራ ቃላትም መጻፍ ይፈቀድ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ፕሮግራሞች «ማክሰኞ ለላክኸው መልእክት» ዓይነት ነገር ይጽፉበት ነበር። ቁጥር ሳይጠቅስ «ባለፈው ሳምንት በጻፋችሁልን ደብዳቤ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ሠራተኛዋን እንደሚያስቸግራት ሁሉ ይህም ለፕሮግራም አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተተካው መመሪያ በዚህ ቦታ ቁጥር ብቻ እንዲጻፍ ወሰነ።

ለምን ወላጁ ብቻ አልበቃም?

«አባቱን ካወቅሁ አያቱን ከአባቱ ላይ አገኘዋለሁ፤ `References` ምን ያደርጋል?» ሊባል ይችላል። ሁሉም መልእክት ለሁሉም ሰው፣ በቅደም ተከተሉ ቢደርስ ኖሮ ልክ ነበር። ግን አይደርስም። አንዱ መልእክት ይጠፋል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ደግሞ መጀመሪያውኑ ለእናንተ አልተላከም።

ኢሜይል ሲፈጠር ይህ ከዛሬውም የባሰ ነበር። በሀገራችን ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ ፊዶኔት በተባለ ሥርዓት ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። መልእክቱ በኮምፒውተር ላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያ በስልክ መስመር ወደ ለንደን ተደውሎ ያለው ይላካል፣ የመጣው ይወሰዳል። እንዲህ ባለ አሠራር መልስ ከጥያቄው ቀድሞ ቢደርስ የሚገርም አይደለም። ፊዶኔትም `MSGID` እና `REPLY` የሚባሉ ተመሳሳይ መስመሮች ነበሩት።

እኛስ ጋ? ከሊማሊሞ ቁልቁል ለቅየሳ የወረደ ጓደኛችን የጻፈው መልስ ኔትወርክ እስኪያገኝ ስልኩ ውስጥ ሲጠብቅ ውሎ ማታ ደባርቅ ሲገባ ይወጣል። እስከዚያ ሌሎች ሦስት መልሶች ተጽፈዋል። ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ ቦታ ቦታ የማስያዝ ግዴታ አለበት።

ፕሮግራሙ ዛፉን ሲሠራ

አሁን አንዱን ተማሪ ይዘን እርምጃውን እንከተል። ተወካያችን የመጀመሪያውን ጥያቄ (`d1`) ለመሥሪያ ቤቱ ላከ። መሥሪያ ቤቱ «ስም ላኩ» ብሎ መለሰ (`t7`)። እስከዚህ ድረስ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ተወካያችን ዝርዝሩን ሲልክ (`d2`) እኛን በግልባጭ አስገባን። መሥሪያ ቤቱም ለሁላችን «ደርሶናል፤ ሐሙስ እንጨርሳለን» ብሎ መለሰ (`t9`)። የአንዱ ጓደኛችን ግልባጭ በሚጠቀምበት ሰርቨር ዘግይቶበት `t9` ከ`d2` ቀድሞ ደረሰው እንበል።

ፕሮግራሙ `t9`ን ሲቀበል `References` ላይ ሦስት ቁጥር ያያል፤ `d1`፣ `t7`፣ `d2`። አንዳቸውም እሱ ጋ የሉም። አይደናገጥም፤ ለሦስቱም ባዶ ማኅደር ያዘጋጅና በላያቸው ላይ ቁጥሩን ይጽፋል። `d1`ን ከላይ፣ `t7`ን ከሥሩ፣ `d2`ን ከ`t7` ሥር ያስርና `t9`ን ራሱን ከ`d2` ሥር ያስቀምጣል። መዝገብ ቤት ያልደረሳትን ደብዳቤ ቦታ ባዶ አድርጋ እንደምትጠብቅ ማለት ነው።

ከሰዓታት በኋላ `d2` ይደርሳል። ቁጥሩ ቀድሞ በተዘጋጀው ማኅደር ላይ ስላለ መልእክቱ ሄዶ ባዶውን ይሞላል። `t9` ቀድሞውኑ ከሥሩ ስለተሰቀለ ምንም ነገር ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። የመድረሻ ቅደም ተከተል ዛፉን አልለወጠውም።

`d1` እና `t7` ግን ለዚህ ተማሪ መቼም አይደርሱም፤ አልተላኩለትምና። ስለዚህ ፕሮግራሙ ዛፉን ከማሳየቱ በፊት ባዶ የቀሩትን ማኅደሮች ያነሳል፣ በሥራቸው ያለውንም አንድ ደረጃ ወደ ላይ ያወጣዋል። ተማሪው የሚያየው `d2`ን እንደ መነሻ፣ `t9`ን ከሥሩ ነው። ተወካያችን ደግሞ በራሱ ሳጥን ውስጥ አራቱንም ያያል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የ`References` ጥቅም ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ነው። ተወካያችን ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ `d2`ን ቢሰርዘው `In-Reply-To` ብቻውን ቢሆን ኖሮ `t9` የጠፋ ሰው ስም የያዘ መልእክት ይሆን ነበር፤ ከ`d1` እና ከ`t7` ጋር የሚያገናኘው አይኖርም። `References` ግን አያቱንና ቅድመ አያቱንም ስለሚጠራ ውይይቱ አይበጠስም።

ይህን አሠራር በግልጽ ጽፎ ያወጣው ጄሚ ዛዊንስኪ ነው፤ ለኔትስኬፕ የኢሜይል ፕሮግራም ከሠራው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 አሳተመው። ከሕጎቹ አንዱ ፕሮግራሙ ማሰሪያው ክብ የሚሠራ ከሆነ እንዳያስር ያዝዛል። በተበላሸ ራስጌ ምክንያት «ሀ የለ ልጅ ነው፣ ለ የሀ ልጅ ነው» የሚል ነገር ቢመጣ ፕሮግራሙ መጨረሻ የሌለው ዙር ውስጥ እንዳይገባ ነው። ዛሬ ሰርቨሮች መልእክትን በውይይት ለመደርደር የሚጠቀሙበት እ.ኤ.አ. የ2008ቱ አር ኤፍ ሲ 5256 በዋናነት በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ርዕሱስ? ሰዓቱስ?

ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። ርዕሱ አንድ ከሆነ ለምን አልተገናኘም?

እውነት ነው፣ ብዙ ፕሮግራሞች ቁጥር ሲያጡ ርዕስን እንደ መጨረሻ አማራጭ ይጠቀማሉ። ከፊት ያለውን `Re:` ወይም `Fwd:` አንስተው የቀረው አንድ ከሆነ ያገናኛሉ። በአማርኛ ግን ይህ አማራጭ ከሌላውም ቋንቋ ይልቅ ደካማ ነው። የመጀመሪያው ርዕስ «የሥልጠና ቦታ ስለመጠየቅ» ነበር፤ ወንድማችን በእጁ የጻፈው «የስልጠና ቦታ ስለመጠየቅ» ነው። ለእኔና ለእናንተ አንድ ቃል ነው። ለኮምፒውተር ግን «ሥ» እና «ስ» እንደ «በ» እና «ከ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሀ» እና «ሐ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ»ም እንዲሁ። ከርዕሱ ፊት በእጅ የሚጻፍ «መልስ፦» ደግሞ ፕሮግራሙ እንደ `Re:` አያውቀውም፤ የርዕሱ አካል አድርጎ ይወስደዋል። «መልስ ስጥ» የሚለውን ብንነካ ኖሮ ፕሮግራሙ ርዕሱን ራሱ ይቀዳው ነበር፣ ይህም ባልመጣ።

ርዕሱ አንድ ቢሆንም ሌላ አደጋ አለ። ለአንድ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚላከው ሁሉ «ትብብር ስለመጠየቅ» ከሆነ በርዕስ የሚያገናኝ ፕሮግራም የዘንድሮውን ከአምናው ጋር ይደባልቀዋል።

ሰዓትም አያዋጣም፤ ለእኛ ሀገር ደግሞ በተለይ። የአንዳንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ይገኛል። ከጠዋቱ 4፡00 ሲሆን ኮምፒውተሩም 4፡00 ይላል፤ ለዓለም ግን ያ ሌሊት 10፡00 ማለት ነው። እኛ ከጠዋቱ 3፡00 የላክነው ጥያቄ በራስጌው ላይ `09:00 +0300` ሲባል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጣው መልሳቸው `04:00 +0300` ይላል። በቀንና በሰዓት ብቻ የሚደረድር ፕሮግራም መልሱን ከጥያቄው በፊት ያስቀምጠዋል። በቁጥር የሚያስር ግን መልሱ በጥያቄው ሥር መሆኑን አይስትም፤ ሰዓቱን የሚጠቀመው በአንድ ወላጅ ሥር ያሉ ወንድማማች መልሶችን ለመደርደር ብቻ ነው።

የት እንደተበላሸ ማወቅ

መልእክታችሁ ለምን ከውይይቱ እንደወጣ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም፤ ራስጌውን ማየት ይቻላል። ጂሜይልን በኮምፒውተር ከፍታችሁ መልእክቱን አውጡ፤ በመልእክቱ ቀኝ ጫፍ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ `Show original` የሚለውን ምረጡ። በሚከፈተው ገጽ ላይ ከላይ ያየናቸውን ሦስት መስመሮች ፈልጉ። ርዕሱ አማርኛ ከሆነ በዚያ ገጽ ላይ እንዲህ ሊታያችሁ ይችላል፦

```
Subject: =?UTF-8?B?4Ym14Yml4Yml4Yit?=
```

አልተበላሸም፤ «ትብብር» ማለት ነው። ራስጌ በላቲን ፊደል ብቻ እንዲያልፍ ስለተሠራ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በአራት ምልክት ተለውጦ ነው። `4Yml` ሁለት ጊዜ መደገሙን ብታዩ ሁለቱ «ብ»ዎች ናቸው።

እኛም ሁለቱን መልእክቶች ጎን ለጎን ከፍተን አየን። የመሥሪያ ቤቱ `t9` ሦስቱም መስመሮች ነበሩት። የእኛ እርማት ግን `Message-ID` ብቻ ነበረው፤ `In-Reply-To`ም `References`ም አልነበረውም። ለፕሮግራሙ ይህ ወላጅ የሌለው፣ አዲስ ጉዳይ የሚጀምር ደብዳቤ ነው። ለ`t9` መልስ ቢሆን ኖሮ ከላይ ያየነው ሐረግ `t9`ን ጨምሮ አራት ቁጥር ይሆን ነበር፤ ኃላፊውም ውይይቱን በከፈቱ ቁጥር ከታች መጨረሻ ላይ ያገኙት ነበር።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ፣ በእኛ መካከልም የተለመደ ነው። የሰውን አድራሻ ላለመፈለግ ሲባል ከወራት በፊት የመጣ መልእክት ይከፈታል፣ «መልስ ስጥ» ይነካል፣ ርዕሱና ጽሑፉ ተሰርዞ ሌላ ጉዳይ ይጻፋል። ላኪው አዲስ መልእክት የጻፈ ይመስለዋል። ራስጌው ግን የድሮውን ሐረግ ሙሉ በሙሉ ይዟል። ተንደርበርድን በመሰለ ቁጥሩን በጥብቅ የሚከተል ፕሮግራም ላይ አዲሱ ጉዳይ ከወራት በፊት በተዘጋው ውይይት ሥር ገብቶ ይደበቃል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ `References` ላይ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ የቆየ ቁጥር ታገኛላችሁ።

ፕሮግራሞች በዚህ ላይ አንድ ዓይነት አይደሉም። ጂሜይል ርዕሱ ከተለወጠ ሐረጉ ትክክል ቢሆንም አዲስ ውይይት ይከፍታል፤ አንድ ውይይት ከ100 መልእክት ሲያልፍም እንዲሁ ይቆርጠዋል። ስለዚህ በመካከል ርዕሱን «ለማሳመር» ብሎ መለወጥ በአንዱ ተቀባይ ዘንድ ምንም ሳያደርግ በሌላው ዘንድ ውይይቱን ለሁለት ሊከፍለው ይችላል። ለሚቀጥል ጉዳይ መልስ ስጡ፣ ርዕሱንም አትንኩ፤ ለአዲስ ጉዳይ አዲስ መልእክት ክፈቱ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። እርማቱን የላከው ወንድማችን አዲስ መልእክት የከፈተው ሰንፎ አልነበረም። ዝርዝሩ ላይ ስሕተት መኖሩን ያየው ከቴሌግራም ግሩፓችን ነው፤ ከአምስቱ ተማሪዎች አንዱ ስላልሆነ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የተጻጻፍነው አንድም መልእክት እሱ ጋ አልነበረም። መልስ የሚሰጥበት መልእክት ሳይኖረው የመልእክቱን ቁጥር ሊጠቅስ አይችልም። መደረግ የነበረበት እርማቱን ለተወካያችን ነግሮ፣ ተወካያችን ራሱ ለ`t9` መልስ እንዲሰጥ ነበር።

ከሁለቱ ልጆች አንዱ በኋላ ሌላ ቦታ አግኝቶ ልምምዱን ጨርሷል፤ ሌላኛዋ እህታችን ግን ዘንድሮ ከታች ከሚመጡት ጋር ነው የምትወጣው። የዘንድሮውን ጥያቄ ለመሥሪያ ቤቶች የምትጽፈው እሷ ናት። ከእሷ ጋር የምትወጡ ሁሉ ስማችሁን ወይም እርማታችሁን ለእሷ ስጡ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ግን አንድ ሰው ብቻ፣ ለመጨረሻው መልእክት፣ «መልስ ስጥ» ብሎ ይጻፍ።